ያለ መነሻ ገንዘብ በእረፍት ጊዜ ንግድ መሞከር፦ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ እዚሁ ጅማ የምትማር የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ናት። ባለፈው ክረምት የእረፍት ጊዜዋን ባዶ እጇን ላለማሳለፍ ወስና ቆሎ ቆልታ ለመሸጥ ሞከረች። ሙከራው በመጀመሪያው ዙር ሊከሽፍ ምንም አልቀረውም ነበር፤ በሁለተኛው ዙር ግን መልክ ያዘ። ከታች የዘረዘርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ እርሷ የሠራቻቸውና አብረን ተቀምጠን የመረመርናቸው ናቸው።

የሚሄዱ ደንበኞችን መጠበቅ

ተማሪ የንግድ ሐሳብ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚታየው የተማሪ ችግር ነው፤ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከተማሪ ጋር ነው። የአክስቴ ልጅም በመቶ ግራም የታሸገ ቆሎ በግቢው በር አካባቢ ለመሸጥ አሰበች፤ በፈተና ሰሞን ተማሪው ሌሊቱን እያጠና ቆሎ ሲቆረጥም አይታለችና ግምቷ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ችግሩ እርሷ ነፃ የምትሆንበት ጊዜና ደንበኞቿ ከተማውን ለቀው የሚሄዱበት ጊዜ አንድ መሆኑ ነው። ቆሎው ተቆልቶ ሲታሸግ የግቢው ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ እየሄደ ነበር።

ስለዚህ በእረፍት ጊዜ የሚሞከር ሐሳብ ሊመዘን የሚገባው በቅድሚያ በዚህ ጥያቄ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ እዚያው የሚቆየው ገዢ ማን ነው? በጅማ መልሱ ብዙ ነው፤ የመርካቶ ነጋዴ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ቁርስ ቤት፣ በየመንገዱ ዳር ረከቦት ዘርግታ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት። ቤተሰቡ ሌላ ከተማ የሆነ ተማሪ ደግሞ ሐሳቡን መፈለግ ያለበት በሚያርፍበት ከተማ እንጂ በሚማርበት ከተማ አይደለም። በተማሪዎች ላይ ብቻ የሚሠራ ሐሳብ ከሆነም ትእዛዙና ክፍያው ተማሪው ከመሄዱ በፊት መሰብሰብ አለበት።

በከተማው የተትረፈረፈውን ነገር እንደ ሐሳብ መቁጠር

«ጅማ የቡና አገር ናት፤ ስለዚህ ቡና ልነግድ» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ወጣት ያሳስታል። አንድ ነገር በአካባቢው መትረፍረፉ የሚያሳየው ብዙ ሻጭ መኖሩን እንጂ ያልተሟላ ፍላጎት መኖሩን አይደለም። ቡና ከዚህም በላይ የራሱ ሕግ አለው፤ የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የቡናን ግዢ፣ ዝውውርና ሽያጭ ስለሚቆጣጠር ፈቃድ የሌለው ተማሪ ጥሬ ቡና ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ለመሸጥ ቢነሳ ገና ከመንገዱ ችግር ይገጥመዋል። ቆልቶ ልሽጥ ቢል ደግሞ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ እንደሚያጣ ካላሰበ ትርፉ በምጣዱ ላይ ይቀራል።

«ብሸጥ ትገዢኛለሽ?» ብሎ መጠየቅ

ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጠያቂው ትክክለኛ ነገር እንደሠራ ሆኖ ይሰማዋል። እኛ ሰው ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ይከብደናል፤ በተለይ ጠያቂው ሊሠራ የተነሳ ተማሪ ሲሆን መልሱ ሁልጊዜ «እሺ፣ እገዛለሁ፤ በርቺ» ነው። የአክስቴ ልጅ አሥራ አንድ ሰው ጠይቃ አሥሩ እሺ ብለዋታል፤ ከአሥሩ የገዛት አንድ ሰው ነው።

በሁለተኛው ዙር የጠየቀችው ስለወደፊቱ ሳይሆን ስላለፈው ሆነ። ለጀበና ቡና ሻጮች የተቆላ ቡና ማቅረብ ሳይጠቅማቸው አይቀርም የሚል አዲስ ግምት ይዛ ከቤታቸው ብዙ በማይርቀው አስፋልት ዳር ወደሚሠሩ ሴቶች ሄደች። ቡና አዝዛ ተቀመጠችና ትናንት ስንት ሰዓት እንደተነሱ፣ ምን ምን እንዳዘጋጁ፣ ምን እንዳለቀባቸውና ያለቀባቸውን ከየት እንዳመጡ ጠየቀች። ከመካከላቸው አንዷ ስትመልስላት እንዲህ አለች፦ «ልጄ፣ ቡናውንስ እኔው ብቆላው ይሻለኛል፤ ሰው የሚጠራልኝ ሽታው ነው። የቸገረኝ የቡና ቁርሱ ነው። በሌሊት ተነስቼ ቆሎ የምቆላበት ጊዜ ከየት ይምጣ? ትናንት አልቆብኝ ከሱቅ የታሸገ ገዝቼ ነው ያቀረብኩት።»

በዚህ መልስ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ተማሪዋ ችግር ይሆናል ብላ የገመተችው ቡና መቁላት ለሻጯ ችግር ሳይሆን ደንበኛ መጥሪያዋ ነው። ሁለተኛ፣ ሻጯ ለቡና ቁርስ ትናንት ከኪሷ ገንዘብ አውጥታለች። «ወደፊት እገዛለሁ» ከሚል ቃል ይልቅ «ትናንት ይህን ያህል ከፍያለሁ» የሚለው ቃል ሊታመን ይገባዋል። ተመሳሳይ መልስ ከሦስት ሻጮች ስትሰማ የምትሞክረውን ነገር አገኘች ማለት ነው።

ገዢው ሳይከፍል ዕቃ መግዛት

ለመጀመሪያው ዙር ከአጎቷ 700 ብር ተበድራ ነበር። ቁጠባ የሌለው ተማሪ ባልተፈተነ ሐሳብ ላይ ብድር ሲያስገባ ሙከራው ቢከሽፍ የሚከፍለው ከቀለብ ገንዘቡ ነው፤ ስለዚህ ብድር መጀመሪያ ሊታሰብ አይገባም። ከብድር በፊት የሚሞከሩ ሦስት መንገዶች አሉ፦ ከገዢው ቀብድ መቀበል፣ ዕቃውን በአደራ ወስዶ ከሸጡ በኋላ ዋጋውን መመለስ፣ ወይም የገዢውን የራሱን ዕቃ ተቀብሎ ጉልበት ብቻ መሸጥ። ቀብድ ከሁሉ የሚሻለው ገንዘብ ከማስገኘቱም በላይ የእውነት መፈተኛ ስለሆነ ነው፤ ቀብድ የማይሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛም አይደለም።

በሁለተኛው ዙር ሦስቱ ሻጮች በየሁለት ቀኑ አንዳንድ ኪሎ ቆሎ በ240 ብር ለመውሰድ ተስማሙና ግማሹን፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 120 ብር፣ አስቀድመው ሰጧት። የተሰበሰበው 360 ብር የገብሱን ዋጋ ሸፈነ። ለውዙን የሰፈራቸው ባለሱቅ በዱቤ ሰጣት፤ ከሰሉ ከቤት ሆነ።

ገቢን ቆጥሮ የሚቀንሰውን አለመቁጠር

የገበያ ዋጋ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቀጥሎ ያሉትን አሃዞች ለስሌቱ መንገድ ማሳያ ብቻ መውሰድ ይገባል። በመጀመሪያው ዙር ሦስት ኪሎ የተሸከሸከ ገብስ በ360 ብር፣ ግማሽ ኪሎ ለውዝ በ120 ብር፣ ከሰል በ60 ብር፣ ትናንሽ ላስቲክ በ40 ብር ገዛች። ሦስት ኪሎ ተኩል ጥሬ 35 እሽግ ይወጣዋል፤ አንዱ በ25 ብር ሲሸጥ 875 ብር ይሆናል፤ ወጪው 580 ብር ስለሆነ 295 ብር ይተርፋል ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

የሆነው ሌላ ነው። እህል ሲቆላ እርጥበቱ ስለሚወጣና የሚያርና የሚለቀምም ስለሚኖር ከምጣዱ የወረደው 3.1 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። 31 እሽግ 775 ብር አስገኘ። ገዢዎቹ የተበታተኑ ስለነበሩ ለባጃጅ 60 ብር ወጣና ወጪው 640 ብር ደረሰ፤ የተረፈው 135 ብር ነው። ለመቁላት፣ ለማሸግና እየዞረች ለመሸጥ የወሰደባትን ጊዜ ስንቆጥር ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ለአንድ ሰዓት ድካም 15 ብር ማለት ነው።

ሁለተኛው ዙር በጥሬ ዕቃ አልተለየም። ጀበና ቡና ሻጭ ቆሎውን የምታቀርበው በሳህን ስለሆነ ትናንሽ እሽግ አያስፈልጋትም፤ የላስቲኩ 40 ብር ቀረ። ሦስቱም ሻጮች በአንድ መንገድ ዳር ስለሆኑ በእግር ይደረሳልና የባጃጁ 60 ብርም ቀረ። ሻጮቹ የወሰዱት ሦስት ኪሎ በ240 ብር ሒሳብ 720 ብር ሲሆን ወጪው 540 ብር ነው። የተረፈው 180 ብር፣ የወሰደው ጊዜ ደግሞ አራት ሰዓት ያህል ስለሆነ ለአንድ ሰዓት 45 ብር ይደርሳል። ከእናቷ የወሰደችው ከሰል ሳይከፈልበት እንኳ ወጪ ተብሎ እንዲጻፍ አጥብቄ ነግሬአታለሁ፤ ቤተሰብ የሚሸፍነው ወጪ ካልተጻፈ ኪሳራ ውስጥ ያለ ንግድ አትራፊ መስሎ ይታያል።

የወቅቱን ጠባይ መርሳት

የጅማ ክረምት እርጥብ ነው፤ ቆሎም እርጥበት ይስባል። በአንዱ ቀን ቸኩላ ገና ትኩሱን በላስቲክ ቋጠረችው። ከቆሎው የወጣው ወበቅ ላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ሆኖ ወደ ቆሎው ተመለሰና በማግስቱ ሲቆረጥሙት ድምፅ የማይሰጥ፣ ጥርስ ላይ የሚላላ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በንጹሕ ሰፌድ ላይ ዘርግታ እጅ ሲነኩት ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለች፤ ከዚያም ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። የእምነት ወቅቶችንም ማየት ያስፈልጋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ አንዳንድ ዓመት ከእረፍት ጋር ይገጥማል፤ እንደ ጅማ ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት ከተማ ቀን ቀን የሚሸጥ ቡናና ቁርስ በዚያ ወር ይቀንሳል። በዚያ ወር የተገኘ ውጤት፣ ክፉም ሆነ ደግ፣ ለሌላው ጊዜ መለኪያ አይሆንም።

ማብቂያውን አስቀድሞ አለመወሰን

ሙከራ ቀንና ልክ ያስፈልገዋል። የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሯ በፊት በደብተሯ ላይ ሁለት ነገር ጻፈች፦ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሦስቱ ሻጮች ቢያንስ ሁለቱ ሳይጠየቁ ራሳቸው ደግመው ካዘዙ ሐሳቡ ይቀጥላል፤ ለሰዓት የሚተርፈው ከ30 ብር ከወረደ ግን ይቆማል። ለሳምንታት የሚደረግ ሙከራ ወደ ቋሚ ሥራ ሲለወጥ ደግሞ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ምግብ ንጽሕና የሚጠየቀውን ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መረዳት ይገባል።

ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ ሁለቱ ሻጮች ማዘዛቸውን ቀጥለው ነበር፤ ሦስተኛዋ ግን ከአራት ትእዛዝ በኋላ አቁማለች። ተማሪዋ ዝም ብላ አላለፈችውም፤ ሄዳ ቡና አዘዘችና ምክንያቱን ጠየቀች። «ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ገብሱ ለጥርሳቸው ጠንክሮባቸው ሳህኑ እንደሞላ ይመለሳል፤ ፈንዲሻ ሲሆን ግን ይጨርሱታል» አለቻት። ለሚቀጥለው እረፍት በደብተሯ የመጀመሪያ መስመር ላይ የጻፈችው ፈንዲሻን ነው፤ ከጎኑም ቀብድ የሰጠችውን የዚያችኑ ሴት 100 ብር መዝግባለች።