ጆይንት ቬንቸር ውስጥ ማን ስንት በመቶ አለው? ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሁለት ኩባንያዎች በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ሲነሳ «የማን የማን ነው? ስንት ስንት በመቶ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። መልሱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቬራይዝን ዋየርለስ የተባለውን የአሜሪካ የሞባይል ኩባንያ ይዘን እንየው።

ስሙን አይቶ መደምደም። ስሙ ላይ ያለው ቬራይዝን ብቻ ነው። ነገር ግን ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ 55 በመቶው የቬራይዝን፣ 45 በመቶው ደግሞ የእንግሊዙ ቮዳፎን ነበር። ቬራይዝን ዋየርለስ ደግሞ የንግድ ስም ነው፤ በሕጋዊ ሰነድ ላይ የሚገኘው ሴልኮ ፓርትነርሺፕ ተብሎ ነው። ሰነድ የሚያገላብጥ ሰው ይህን ካላወቀ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት የሌላ ድርጅት ነው ብሎ ያልፈዋል።

መሃል ላይ ያለውን ኩባንያ መዝለል። ቮዳፎን ድርሻውን የያዘው በሥሩ ባሉ ኩባንያዎች በኩል ነበር። እነዚህ ሙሉ በሙሉ የእናት ኩባንያው ከሆኑ 45 ያው 45 ነው። መሃል ላይ ያለው ኩባንያ ሌላ ባለድርሻም ካለው ግን ማባዛት ግድ ነው። ለምሳሌ እናት ኩባንያው መሃል ላይ ካለው ኩባንያ 80 በመቶ ቢኖረው፣ ያም ኩባንያ ከሽርክናው 45 በመቶ ቢይዝ፣ የእናትየው ድርሻ 36 በመቶ ይሆናል። የቀረው 9 በመቶ የሌላ ሰው ነው። «45» ብሎ የጻፈ እነዚያን ሰዎች ሳያውቅ ሰርዟቸዋል።

ቀን አለመጻፍ። ቬራይዝን በየካቲት 2014 (እ.ኤ.አ.) የቮዳፎንን ድርሻ በ130 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዛ። ከዚያ በፊት የተጻፈ ጽሑፍ 55 እና 45 ቢል ልክ ነው፤ ዛሬ ላይ ግን ስህተት ነው።

ፐርሰንቱን ከሥልጣን ጋር ማምታታት። እኔ በጣም የምፈራው ይሄኛውን ነው። 45 እና 55 ሲባል ተቀራራቢ ይመስላል። ውሳኔው ግን በቬራይዝን እጅ ነበር፤ የሽርክናውን ገቢ መቶ በመቶ በራሱ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባውም እሱ ነው። ቮዳፎን የራሱን የትርፍ ድርሻ ብቻ ነበር የሚመዘግበው። ይባስ ብሎ ለዓመታት፣ ለግብር ከሚከፋፈለው ገንዘብ በስተቀር፣ ትርፍ ሳይከፈለው ቆይቷል። በእ.ኤ.አ. 2012 መጀመሪያ ላይ 10 ቢሊዮን ዶላር ሲከፋፈል ነው 4.5 ቢሊዮን የደረሰው። ገንዘቡ ልክ በድርሻው መጠን ነው የመጣለት፤ መቼ እንደሚመጣ ግን እሱ አልወሰነም። ስለዚህ ፐርሰንቱን ስትጽፉ ከጎኑ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ ቁጥሩ የየትኛው ቀን እንደሆነ፣ ድርሻው በቀጥታ ይሁን በሌላ ኩባንያ በኩል፣ እና የቦርዱን አብዛኛውን አባል የሚሾመው ማን እንደሆነ።