980 ቃል ወደ 650፦ የታሪኩን ነፍስ ሳይነኩ ኤሴይ መቁረጥ

ምልክት፦ ሲቆርጡ ቢውሉም ቁጥሩ አይወርድም

አሜሪካ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች በኮመን አፕ የጋራ ማመልከቻ ቅጽ ስታመለክት ዋናው ኤሴይ ከ650 ቃል ማለፍ የለበትም። አንድ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ 980 ቃል ይዞልኝ መጣ። ትርፍ ቃል ሲለቅም አምሽቶ ሰባ ቃል ብቻ ነበር የቀነሰው።

ምክንያት፦ የበዛው ቃል ሳይሆን አንቀጽ ነው። በየአንቀጹ ዳር የቃሉን ብዛት ጻፍንበት። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ቡና መግቢያ 140። ስለ ቤተሰቡ 260። ስለ ክበባትና ሽልማት 200። “የተማርኩት ነገር” 150። ዋናው ታሪክ? 230 ብቻ!

ታሪኩ ደግሞ ግሩም ነው። እናቱ እንጀራ ይሸጣሉ። ማንበብ ስለማይችሉ ዱቤ የሚመዘግበው እሱ ነው። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ “የወሰድኩት አስር ነው” አሉ። ደብተሩም አስር ይላል። እናቱ ግን “አስራ አምስት ነው” ብለው ድርቅ አሉ። ልጁ ደብተሩን አምኖ ለደንበኛዋ ፈረደ። ማታ ኪሱን ሲፈትሽ ወደ ደብተሩ ያልገለበጠው ብጣሽ ወረቀት አገኘ፤ አምስት እንጀራ።

መፍትሄ፦ ብጣሿን ወረቀት መሀል ላይ አስቀመጥንና እያንዳንዱን አንቀጽ “ያለ አንተ ወረቀቷ ትገባናለች?” ብለን ጠየቅን። የቡናው መግቢያ ወጣ። እሱን የክፍሉ ልጅ ሁሉ ሊጽፈው ይችላል። ክበባቱም ወጡ፤ ቅጹ ላይ ለእንቅስቃሴዎች አስር ቦታ አለ፣ አንባቢው እዚያ ያያቸዋል። ከቤተሰቡ ታሪክ እናቱ፣ ንግዱና ደብተሩ ብቻ ቀሩ፤ 70 ቃል። ድምሩ 450 ሆነ። ልጁ ማመን አቃተው።

ምልክት፦ ልኩ ገባ፣ ግን ደረቀ

ምክንያት፦ ሰው ሲቆርጥ መጀመሪያ የሚጨክነው በዝርዝሩ ላይ ነው። ልጁም በፊት የደንበኛዋን ንግግርና ኪሱን የፈተሸበትን ሰዓት አውጥቶ፣ ስለ ታማኝነትና ኃላፊነት የሰበከውን ትቶት ነበር። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምቆርጠው ስብከቱን ነበር።

መፍትሄ፦ የተረፈውን ቦታ ለታሪኩ መልስለት። የሴትዮዋ ቃል፣ የእናቱ ዝምታ፣ የተጨማደደው ወረቀት ተመለሱና ትዕይንቱ ከ230 ወደ 480 አደገ። “የተማርኩት” የሚለው ወደ 60 ወረደ። እሱም ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ድርጊት ሆነ፦ በማግስቱ ወረቀቱን ይዞ ደንበኛዋ ቤት ሄደ። ጠቅላላው 610።

ቃል መልቀም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጮክ ብለህ አንብበው። “እንደሚታወቀው”ን እና “እኔ እንደማስበው”ን በእንግሊዝኛ የገለበጥክባቸው ቦታዎች ያኔ ይሰሙሃል። ቃላትን በሰረዝ እየቀጠልክ ቁጥሩን ለማታለል ግን አትሞክር፤ አንባቢው ወዲያው ያየዋል። የቀሩትን 40 ቃላትም መሙላት ግዴታ አይደለም። ልጁ ባዶ ትቷቸው ላከ።