የሥራ ስንብት ክፍያን ከአገልግሎት ዘመንና ከመጨረሻው ደመወዝ ተነስቶ ማስላት

ጅማ ውስጥ ከአንድ የቡና ማበጠሪያ መጋዘን በሠራተኛ ቅነሳ ስሰናበት 8 ዓመት ከ6 ወር አገልግዬ ነበር፤ የመጨረሻው ደመወዜም 9,000 ብር ነበር። የተሰጠኝን ሒሳብ ሳልመረምር በመፈረሜ 6,000 ብር ቀርቶብኛል። ስሌቱን በዝርዝር የማቀርበው ሌላው ሠራተኛ ከመፈረሙ በፊት እንዲያየው ነው።

በመጀመሪያ የአገልግሎት ዘመንዎን ሥራ ከጀመሩበት ቀን አንስተው ይቁጠሩ። የሙከራ ጊዜውን ጨርሰው ሥራውን ከቀጠሉ እሱም ይቆጠራል።

ቀጥሎ የቀን ደመወዝዎን ያግኙ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሚያደርገው የመጨረሻውን ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። የወር ደመወዝተኛ ከሆኑ የወሩን ለ30 ማካፈል የተለመደ ሲሆን፣ የእኔ 300 ብር ይሆናል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የትራንስፖርት አበልና ጉርሻ በአዋጁ ከደመወዝ ስለማይቆጠሩ አይደመሩም። በቁርጥ የሚከፈላቸው ለቃሚዎች ግን የመጨረሻው ሳምንት ገቢያቸው በጽሑፍ መያዙን ማረጋገጥ አለባቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዓመታቱ አቆጣጠር ላይ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የሚከፈለው የቀን ደመወዙ 30 እጥፍ፣ ማለትም ሙሉው 9,000 ብር ነው። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 3,000 ብር ይጨመራል። ስለዚህ ከ8 ዓመት ተኩል ላይ አንዱን ዓመት ለይተን የቀረውን 7 ዓመት ተኩል በ3,000 ስናባዛ 22,500 ብር እናገኛለን፤ ግማሹ ዓመት በመጠኑ ታስቦ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓመት 9,000 ሲደመርበት 31,500 ብር ይሆናል። የእኔን ሒሳብ የሠራው ሰው ግን ሁሉንም 8 ዓመት ተኩል በ3,000 አባዝቶ 25,500 ብር ጻፈ። ቁጥሩ የተስተካከለ መስሎ ስለታየኝ ፈረምሁ። ወረቀትዎ ላይ የመጀመሪያው ዓመት ለብቻው ካልተጻፈ ሒሳቡን አይቀበሉት። ሙሉ ደመወዝን በዓመታቱ ሁሉ ማባዛትም እንዲሁ ስህተት ነው፤ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ተቀባይነት አያገኝም።

ጠቅላላው ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ ይህ ጣሪያ የሚደረሰው በ34 ዓመት አገልግሎት ነው።

የተሰናበቱት በቅነሳ ከሆነ የቀን ደመወዝዎ 60 እጥፍ በተጨማሪ ይከፈላል፤ ለእኔ 18,000 ብር ስለሆነ በድምሩ 49,500 ብር ይገባኝ ነበር። በራስ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ ይህ ተጨማሪ አይመለከተውም፤ ዋናውን ክፍያ ለማግኘትም ቢያንስ 5 ዓመት ማገልገልና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የሥራ ግዴታ የሌለበት መሆን ይኖርበታል።

ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ጉድለት ካገኙ የተሟላውን ስሌት በጽሑፍ ለአሠሪው ያቅርቡ፤ ካልተስተካከለም ሳይዘገዩ ክስ ይመሥርቱ፤ ከሥራ ውል መቋረጥ የሚነሳ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። እኔ ስህተቱን ያወቅሁት በስምንተኛው ወር ነበር።