መብራት ሲጠፋ ብርሃንን ማስተማር

መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ ዝም ካለ የብርሃንን ትምህርት ለሌላ ቀን አታሳድሩት። እኔ ሐዋሳ ላይ የማደርገው ይኼን ነው፦ ፀሐይ ያረፈበትን መንገድ የሚያየውን መስኮት በካርቶን ሸፍኜ በእርሳስ እበሳዋለሁ፤ ሌላውን ቀዳዳ ሁሉ፣ የበሩን ሥር ጭምር፣ እደፍናለሁ። ከቀዳዳው አንድ ሜትር ያህል ርቆ ነጭ ወረቀት ይያዛል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ መንገዱ ተገልብጦ ይታያል።

ምስሉ ሳይታይ ግን “ባጃጁ ወደ ሐይቁ ሲሄድ ምስሉ ወዴት ይሄዳል?” ብላችሁ አስገምቱ። ብዙዎቹ “አብሮት” ይላሉ፤ ወደ ኋላ ሲሄድባቸው ጨረሩን ራሳቸው ይስላሉ። ስላይዴ ለካ ጥያቄው ሳይነሳ መልሱን እየሰጠ ነበር!

ምስሉ ከደበዘዘ ቀዳዳውን አጥብቡት፤ ይጠራል፣ ግን ይጨልማል። ደመና ካለ አትድከሙ። በቀዳዳው ፀሐይን ማየት ክልክል ነው።