የወፈረ ውሻ፦ ከእጅ ዳሰሳ እስከ ተለካ ምግብ

ምልክቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ውሻው በር ሲንኳኳ ተነስቶ ከመሮጥ ይልቅ በተኛበት ይጮሃል፤ ጥላ ውስጥ ሆኖም ያለከልካል፤ የአንገቱ ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ተለቆለታል። ባለቤቱ «አርጅቷል» ይላል፣ ወይም በአዳማ ሙቀት ያሳብባል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን አስቀድሞ ውፍረቱን ማጣራት ይገባል። የሚጣራውም በእጅ ነው። ፀጉር ዓይንን ያታልላል፣ በየቀኑ አብሮት የሚውል ሰው ደግሞ ለውጡን ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚያስተውለው።

በእጅ መለየት

ውሻው በአራት እግሩ ይቁም። ከኋላው ሆናችሁ አውራ ጣቶቻችሁን አከርካሪው ላይ አሳርፉና የቀሩትን ጣቶች በሁለቱም ጎኑ ላይ ዘርጉ። ከዚያ ሳትጫኑ ጎድኑን ወደፊትና ወደኋላ ዳስሱ።

ስሜቱን የምታመሳክሩት ከራሳችሁ እጅ ጋር ነው። አንድ እጃችሁን ዘርግታችሁ በሌላው እጅ ጣት የእጃችሁን ጀርባ ዳስሱ፤ አጥንቶቹ በስስ ሽፋን ስር አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ደህና ክብደት ያለው ውሻ ጎድን እንዲህ ነው። ቡጢ ስትጨብጡ እንደሚያፈጥጠው የጣት መገጣጠሚያ ከሆነ ከስቷል። እጃችሁን ገልብጣችሁ ከጣቶቹ ስር ያለውን የመዳፍ ሥጋ ስትነኩ ደግሞ አጥንቱ የሚገኘው ተጭናችሁ ነው። የውሻው ጎድንም እንደዚያ ከሆነ ወፍሯል።

ቀጥሎ ከላይ ሆናችሁ እዩት። ከጎድኑ ኋላ ወገቡ ጠበብ ማለት አለበት። ከጎን ሲታይ ደግሞ ሆዱ ከደረቱ ወደ ኋላ እግሩ ሲሄድ ሽቅብ ይሰበሰባል። የጭራውን ሥርም ንኩት፤ እዚያ ለስላሳ ትራስ ካለ የቆየ ስብ ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ባለ 9 ነጥብ መለኪያ ላይ ያስቀምጡታል። 4 እና 5 ትክክለኛ ሲሆኑ ከ5 በላይ እያንዳንዱ ነጥብ በግምት 10 በመቶ ትርፍ ክብደት ማለት ነው። ጎድኑ ተጭነው ሲፈልጉት ብቻ የሚገኝ፣ ወገቡም የጠፋ ወይም በጭንቅ የሚታይ ውሻ 7 ይሰጠዋል፤ ይህም 20 በመቶ ያህል ትርፍ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑና አከርካሪው ግን አጥንታቸው ከወጣ ችግሩ ስብ አይደለም። የሆድ ትላትል፣ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ወይም እርግዝና ሊሆን ይችላል። ከውፍረቱ ጋር ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ፀጉሩ በሁለቱም ጎን የሚሳሳ ወይም ሳይበላ የሚወፍር ከሆነም የሆርሞን ሕመም ሊኖር ስለሚችል ምግብ ከመቀነሱ በፊት ሐኪም ይየው። ለአዳማ ቅርቡ ትልቅ የእንስሳት ማስተማሪያ ሐኪም ቤት ቢሾፍቱ ነው።

ምክንያቱ ግቢ ውስጥ ነው

በግቢ ጠባቂ ውሻ ላይ ዋናው ምክንያት የሚመግቡት እጆች መብዛታቸው ነው። ጠዋት ሠራተኛዋ ትርፍራፊ ትሰጠዋለች፣ ልጆች ዳቦ ይወረውሩለታል፣ ማታ ዘበኛው ከራቱ ያካፍለዋል፣ ቅዳሜ ደግሞ ከሥጋ ቤት የመጣ ጮማ አለ። ሁሉም «ትንሽ ነው የሰጠሁት» ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። ግን 100 ግራም ዳቦ ብቻ 260 ካሎሪ ገደማ አለው። ለ30 ኪሎ ውሻ በክብደት መቀነሻ ወቅት ከተፈቀደው የቀን ምግብ ሩብ በላይ ማለት ነው። የተኮላሸ ውሻ ደግሞ የሚያስፈልገው ምግብ ከቀድሞው ስለሚያንስ በዚያው መጠን ከቀጠለ መወፈሩ አይቀርም።

የወጥ ትርፍራፊን በተመለከተ ውፍረት ባይኖርም አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ።

ዕቅዱ፣ በአንድ ምሳሌ

36 ኪሎ የሚመዝንና 7 ነጥብ የተሰጠው የተኮላሸ ጎልማሳ ውሻ እንውሰድ። 36ን ለ1.2 ስናካፍል 30 ኪሎ ይመጣል፤ ግባችን ይህ ነው። ምግቡ የሚሰላው በግቡ ክብደት ነው። በስልካችሁ ካልኩሌተር 30ን ሦስት ጊዜ አባዙ (30 × 30 × 30 = 27,000)፤ √ን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፣ 12.8 ገደማ ይሰጣል፤ በ70 አባዙት። ወደ 900 ካሎሪ ነው፤ የቀን ድርሻው ይህ ነው።

ከዚህ 90ውን ለጉርሻ አስቀሩ። የቀረው 810 ካሎሪ ከደረቅ የውሻ ምግብ ይምጣ። ከረጢቱ ላይ በኪሎ 3,500 ካሎሪ ከተጻፈ 810ን ለ3.5 ስታካፍሉ 230 ግራም ይሆናል፤ ጠዋት 115፣ ማታ 115። ቁጥሩ ከከረጢት ከረጢት ይለያያል፣ ስለዚህ የራሳችሁን አንብቡ። የምትመዝኑትም በወጥ ቤት ሚዛን ይሁን። ጣሳ ወይም ኩባያ አንዴ ሞልቶ አንዴ ጎድሎ በቀን ብዙ ግራም ያሳስታል። እስካሁን ያደገው በትርፍራፊ ከሆነ አዲሱን ምግብ በ7 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ አስለምዱት፣ ካለበለዚያ ያስቀምጠዋል።

የለመደውን ትርፍራፊ ግማሽ አድርጎ መስጠት አቋራጭ ይመስላል፤ አይመከርም። ካሎሪው ሲቀንስ ፕሮቲኑም አብሮ ስለሚቀንስ ውሻው የሚያጣው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ይሆናል።

ለመመዘን የወፍጮ ቤት ወይም የእህል መደብር የመሬት ሚዛን ይበቃል። በየሁለት ሳምንቱ፣ በዚያው ሚዛን፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀምስ መዝኑት። ጥሩ አካሄድ በሳምንት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለዚህ ውሻ መጀመሪያ ላይ ከ360 እስከ 720 ግራም። 6 ኪሎው እስኪወርድ ሦስት ወር፣ ምናልባትም ከአራት ወር በላይ ይፈጃል።

ሲበላሽ

*ሁለት ሳምንት አልፎ ምንም አልቀነሰም።* መጀመሪያ ምግቡን አትቀንሱ፤ ሌላ የሚያበላው ሰው ፈልጉ። የቀኑን ድርሻ በሙሉ ጠዋት መዝናችሁ አንድ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ፤ ልጅም ዘበኛም የሚሰጡት ከዚያ ብቻ ነው። ባዶ ከሆነ ቀኑ አብቅቷል። የዶሮ መኖና የቆሻሻ ገንዳንም ተመልከቱ። ይህ ሁሉ ተጠብቆም በሳምንት 1 በመቶ ካልሞላ ያን ጊዜ 10 በመቶ ቀንሱ፤ 230 የነበረው 207 ግራም ይሆናል።

*ያላዝናል፣ ሳህኑን ይገፋል።* ድርሻውን ሳትጨምሩ በሦስት ክፈሉት። ያለ ጨውና ያለ ዘይት የተቀቀለ ፎሶሊያ ወይም ዝኩኒ ጣል ማድረግ ሆድ ይሞላል፣ ካሎሪውም ጥቂት ነው። ከጉርሻው ድርሻ ይቆጠራል።

*በሳምንት ከ2 በመቶ በላይ ወርዷል፣ ደክሟል።* 10 በመቶ ጨምሩ። ጨርሶ መብላት ካቆመ ግን ዕቅዱን ትታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

*በእግር ጉዞ ላይ ይተኛል።* ወፍራም ውሻ ሙቀቱን ማስወጣት ይቸግረዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በ10 ደቂቃ ጀምሩ። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ 5 ሰከንድ ማቆየት ካቃታችሁ ለእሱም መዳፍ አይሆንም። ከባጃጅ ወይም ከሞተር ጋር አታስሩጡት።

30 ኪሎ ሲደርስ ወደ ድሮው ምግብ አይመለስም። በየሁለት ሳምንቱ 10 በመቶ እየጨመራችሁ መዝኑት፤ ክብደቱ ሳይወርድም ሳይወጣም አንድ ወር የቆየበት መጠን የወደፊት ምግቡ ነው።