ደረቁ ቁስ ለምን ከኮንክሪቱ ይበልጣል?

1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለመሙላት 1 ሜትር ኩብ ደረቅ ቁስ ብቻ ካዘዛችሁ፣ ሥራው መሃል ላይ ያልቅባችኋል። በጠጠሩ መካከል ብዙ ባዶ ቦታ አለ። ውሃ ገብቶበት ሲቦካ አሸዋው የጠጠሩን ክፍተት፣ ሲሚንቶው ደግሞ የአሸዋውን ይሞላል። ስለዚህ የሚሞላውን መጠን መጀመሪያ በ1.54 አባዙት። ቁጥሩ ግምት ነው፤ እንደ ጠጠሩና አሸዋው ዓይነት ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋና 4 እጅ ጠጠር ያለበትን 1፡2፡4 ድብልቅ እንይ። 1.54 ለ7 ሲካፈል አንዱ እጅ 0.22 ሜትር ኩብ ይሆናል። አሸዋው 0.44፣ ጠጠሩ 0.88 ነው። የሲሚንቶውን 0.22 በአንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ ክብደት፣ በ1440 ኪሎ ስታባዙ 317 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ ባለ 50 ኪሎ 7 ከረጢት ያዙ።

አደራ፣ በ1.54 ውስጥ ብክነት አልተካተተም። ለሚደፋውና ለሚባክነው ለብቻው ጨምሩ።