የአሲድ መደርደሪያን እንዴት እንለያይ? ናይትሪክና አሴቲክ አሲድ ለምን ጎን ለጎን አይቀመጡም

ባለፈው ግንቦት ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የኬሚካል ዕቃ ቤት ለማደራጀት ሄጄ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ ነው። በሩ ሲከፈት አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ተቀበለኝ። ጠርሙሶቹ ላይ ሁሉ ነጭ ዱቄት ተነስንሷል፤ የበሩ ማጠፊያም በዝገት ተበልቷል።

«አቧራ ነው ልጄ» አሉኝ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባት። «በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል።»

የድሬ አቧራ ግን ቀላ ይላል። ይሄኛው እንደ ጨው ነጭ ነው። ደግሞ ክፍሉን በሙሉ እኩል አልሸፈነም፤ ክዳኖቹ አንገት ላይ ወፍሮ፣ ራቅ ሲል ይሳሳል። አሞኒያና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ሁለቱም ክዳናቸው ቢጠብቅ እንኳ ጥቂት ትነት ያመልጣቸዋል። ትነቱ አየር ላይ ሲገናኝ አሞኒየም ክሎራይድ የሚባል ነጭ ጨው ይሆንና ያገኘው ነገር ላይ ያርፋል። ዱቄቱ ራሱ ብዙ አያስፈራም። የሚናገረው ነገር ግን ቁም ነገር ነው፤ ክዳኖቹ ያፈሳሉ፣ ሁለቱም ጠርሙሶች አንድ አየር ይጋራሉ። ሁለቱ አብረው ቢሰበሩ ክፍሉን የሚሞላው የሚያንቅ ነጭ ጭስ ነው።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ከታች ያለው መደርደሪያ ነበር። «አሲዶች» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እዚያ ላይ ሁለት ባለ 2.5 ሊትር ጠርሙሶች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። አንዱ ያልተበረዘ ናይትሪክ አሲድ፣ ሌላው ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ። መደርደሪያው እንጨት ነው።

ያደራጀውን ሰው አልወቅስም። ሁለቱም ስማቸው አሲድ ነው፤ ሰው በስም ቢደረድር አይገርምም። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። አሴቲክ አሲድ የኮምጣጤው ዘመድ ነው። ካርቦን ያለበት፣ ሳይበረዝ ሲቀር እንደ አልኮል የሚነድ ፈሳሽ ነው። ናይትሪክ አሲድ ራሱ አይነድም፤ ለሚነድ ነገር ግን ኦክስጅን ያቀብላል። ስለዚህ አንዱ ማገዶ ነው፣ ሌላው እሳት አቀጣጣይ። ፈስሰው ቢቀላቀሉ ይግላሉ፣ ቡናማ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ እሳት ሊነሳ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። እንጨቱም ራሱ ለናይትሪክ አሲድ ማገዶ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ከተማ ሙቀት ይጨመርበት። ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ትነቱ በአንዲት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ይሄ ሩቅ ነው። በዚያች ዕቃ ቤት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር 38 አነበበ።

እንግዲህ የሠራነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የእናንተም ዕቃ ቤት እንዲህ ከሆነ በዚሁ መንገድ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ሥራውን በጠዋት፣ ሳይሞቅ ጀምሩ። ብቻችሁን አትግቡ። በርና መስኮት ከፍታችሁ ሽታው እስኪወጣ ውጭ ቆዩ። መነጽር፣ ጓንትና ጋውን አድርጉ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት የየመደርደሪያውን ፎቶ አንሱና ያለውን ሁሉ በወረቀት መዝግቡ። ክዳኑ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ከነጩ ዱቄት ሌላ ክዳኑ ዙሪያ ጠጣር የጋገረ ጠርሙስ ካያችሁ እንዳታነሱት፤ ለባለሙያ ተዉት።

መጀመሪያ የሚወጣው አሞኒያው ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጠርሙስ ብቻ በባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ከሥር ደግፋችሁ ውሰዱት። አንገቱን ይዞ ማንጠልጠል አይሆንም። አሞኒያው የሚሄደው ወደ ሌላ ቁም ሣጥን፣ ከተቻለም ወደ ሌላ ክፍል ነው። እዚያው መደርደሪያ ላይ ሌላ ጥግ ማስቀመጥ አይበቃም። ሳፋ ፈሳሽ ይይዛል እንጂ ትነት አይይዝም። ይሄን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ቀጥሎ አሴቲክ አሲዱ ይነሳ። ቦታው ከአልኮልና ከአሴቶን ጋር፣ ከሚነዱት ዘንድ ነው። ከፀሐይ፣ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ራቅ ይበል። እኛ ጋ በጣም ቀዝቃዛው ግድግዳ በስተሰሜን ያለው ሆኖ ስላገኘነው እነሱን እዚያ አስጠጋናቸው። አሴቲክ አሲድ ቆዳ ያቃጥላልና የራሱ ሳፋ ይኑረው።

ናይትሪክ አሲዱ ብቻውን ይቀመጥ። ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋርም አይስማማም፤ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ያለበት ጋዝ ያወጣሉ። ለናይትሪኩ ወለል አጠገብ፣ ሴራሚክ በተነጠፈበት ቦታ፣ ወፍራም የፕላስቲክ ሳፋ አዘጋጀን። ሳፋው ጠርሙሱ ቢሰበር 2.5 ሊትሩን በሙሉ መያዝ አለበት። ከሥሩ ካርቶን፣ ጋዜጣ ወይም ጨርቅ አይነጠፍም። ሰጋቱራም በአካባቢው አይኑር። ናይትሪክ አሲድ ሲፈስ ሰጋቱራ መበተን የለመደ ሰው አለ፤ ያ እሳት መጋበዝ ነው። ለጥቂት ጠብታ ቤኪንግ ሶዳ ቀስ እያሉ መነስነስ ይሻላል። ብዙ ከፈሰሰ ግን ሁሉም ሰው ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ፣ እሳት አደጋ ይጠራ።

ቡናማውን ጋዝ የተነፈሰ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ። ሳንባ ውስጥ ውኃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ሃይድሮክሎሪክ አሲዱ በራሱ ሳፋ እዚያው ቀረ። አጠገቡ ግን አንድ ጀሪካን በረኪና አገኘን፤ ለወለል ማጽጃ የገባ ነው። በረኪና አሲድ ሲነካው ክሎሪን ያወጣል፤ ከአሞኒያም ጋር መርዛማ ጋዝ ይሰጣል። ስለዚህ በረኪናው ከኬሚካል ዕቃ ቤቱ ጭራሽ ወጥቶ ወደ ጽዳት ዕቃዎች ሄደ።

አንድ ነገር ልጨምር። በኬሮሲን የተነከረ ሶዲየም ያላችሁ ሰዎች ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ የእሱ ጠላት ውኃ ነው። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ቤት ውስጥ ሲገባ ያየ የድሬ ሰው ይሄን ለማመን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከባድ የአሲድ ጠርሙስ ዝቅ ይበል፣ ሶዲየም ግን ከጎርፍ በላይ፣ ከቧንቧ ርቆ ይቀመጥ።

በመጨረሻ «አሲዶች» የሚለውን ወረቀት ቀደድነው። በምትኩ በየቦታው «ናይትሪክ ብቻ»፣ «የሚነዱ»፣ «አሞኒያ» ብለን ጻፍን። ጠርሙሶቹንም በእርጥብ ጨርቅ አጸዳናቸው። ይሄ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ከሳምንት በኋላ ነጩ ዱቄት ከተመለሰ ትነቱ አሁንም እየተገናኘ ነው ማለት ነው። ያኔ የሚያፈሰውን ክዳን መፈለግ፣ ወይም አሞኒያውን የበለጠ ማራቅ ያስፈልጋል።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። አባት ጠርሙሱ ላይ ጣታቸውን አሸት አድርገው አሳዩኝ። ጣታቸው ላይ የነበረው ቀይ አቧራ ብቻ ነበር።